ከ«ሐሰበ» እስከ «ማሕሼቭ»፦ ሦስት ፊደል ቃል የሚወልደው እንዴት ነው?

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየጊዜው የሚነሣ ክርክር አለ። አንዱ «ሻሎም የእኛው ሰላም ነው፤ ዕብራውያን ከግዕዝ ወሰዱት» ይላል። ሌላው ብድግ ይልና «ሰላምም ሒሳብም የዐረብኛ ናቸው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ በመሀል ገብቶ «ቆይ፣ ሀሳብ ነው፣ ሐሳብ ነው ወይስ አሳብ?» ይላል። ትንሽ ይሰዳደቡና ይበተናሉ። ከወር በኋላ ያው ክርክር እንደገና ይጀመራል።

ሦስቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ የሚፈቱት በአንድ ነገር ነው። ሴማዊ በሚባሉት ቋንቋዎች፣ ማለትም በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛ፣ በግዕዝ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በመሰሎቻቸው፣ አብዛኛው ቃል ከሦስት ተነባቢ ፊደላት ይወጣል። ይህ አሠራር ካልገባን የቃላትን መመሳሰል እያየን በግምት እንከራከራለን። ነገሩን ለማየት አንድ ሥር ይዘን ብንጓዝ ይበቃል፤ ሐ-ሰ-በን እንያዝ።

ሥሩ ሌላ፣ ቅርጹ ሌላ

ሥር ስንል ብቻውን የማይነገር የፊደላት ስብስብ ማለታችን ነው። ሐ-ሰ-በ የማሰብና የመቁጠር ጠቅላላ ትርጉም አለው፤ ግን ገና ቃል አይደለም። ቃል የሚሆነው ቅርጽ ሲገባበት ነው። ቅርጽ ማለት አናባቢዎቹ የሚቀመጡበት ሥርዐት፣ ከፊት ወይም ከኋላ የሚጨመረው ፊደል፣ እንዲሁም የመካከለኛው ፊደል መጥበቅና መላላት ነው።

አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ፊደላችን ራሱ ያሳየዋል። ነጋሪ፣ ሰባሪ፣ ነጣቂ የሚሉትን እንይ። የመጀመሪያው ፊደል ሁልጊዜ ግዕዝ፣ ሁለተኛው ራብዕ፣ ሦስተኛው ሣልስ ነው። «ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ሣልስ» የአድራጊ ስም ቅርጽ ነው። ተነባቢዎቹ «ምን?» ለሚለው ይመልሳሉ፤ ቅርጹ ደግሞ «ማን?» ለሚለው። ይህ ቅርጽ ከግዕዝ ጋር የጋራችን ነው፤ ግዕዙም ከቀተለ (ገደለ) ቀታሊ ይላል።

አሁን ወደ ዕብራይስጥ እንሂድ። እዚያ ሥሩ ሐ-ሽ-ብ ነው። የዛሬ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ሐን እንደ ኸ ይሉታል፤ ብ ደግሞ ከአናባቢ በኋላ ስትመጣ ቭ ትሆናለች። ሐሻቭ አሰበ ነው። ማሕሻቫ ሐሳብ ነው። መካከለኛዋን ፊደል በጥንቱ ንባብ የሚያጠብቀው ቅርጽ ውስጥ ሲገባ ሒሼቭ ይሆናል፤ አሰላ ማለት ነው። ሔሽቦን ሒሳብ ነው፤ ምግብ ቤት ተበልቶ የሚጠየቀው ሒሳብም ይኸው ነው። ሐሹቭ «የታሰበ፣ ከቁጥር የገባ» ከሚለው ተነሥቶ ዛሬ «አስፈላጊ» ማለት ሆኗል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ማሕሼቭ ነው፤ ኮምፒውተር ማለት ነው። ዕብራይስጥ ለመሣሪያ የሚሆን ጥንታዊ ቅርጽ አለው፦ ከፊት «ማ»፣ ከመጨረሻው ተነባቢ በፊት «ኤ»። ማዝሌግ ሹካ ነው፤ ማስሬቅ ማበጠሪያ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ የሚያሰላውን ሥር ከመሣሪያው ቅርጽ ጋር አገናኙትና ማሕሼቭ አሉት። ቃሉን ጨርሶ ሰምቶት የማያውቅ ተናጋሪ እንኳ «የሆነ የሚያሰላ ዕቃ ነው» ብሎ መገመት ይችላል። ዕብራይስጥን ወደ ዕለት ንግግር ለመመለስ ኤሊዔዘር ቤን ዪሁዳ በ1881 ኢየሩሳሌም ከገባ ጀምሮ፣ በኋላም በ1890 የተቋቋመው የቋንቋ ኮሚቴና በ1953 በቦታው የተተካው አካዳሚ፣ አዲስ ቃል ሲያወጡ የተመረኮዙት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዐረብኛም ከዚሁ ሥር ሒሳብን፣ ሙሓሲብን (የሒሳብ ሠራተኛ) እና ለኮምፒውተር ሓሱብን አውጥቷል። ገልፍ አገሮች የሠሩ ወገኖች እነዚህን ቃላት አይስቷቸውም።

ግዕዝ፦ አዕማድ ያሉበት ቤት

የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ይህን ሥርዐት የሚያውቀው «አዕማድ» በሚል ስም ነው። አንድ ግስ አምስት ዐምድ አለው፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። በግዕዝ ቀተለ፣ አቅተለ፣ ተቀትለ፣ ተቃተለ፣ አስተቃተለ ይሆናል። በአማርኛ በነገረ ብንሞክረው ነገረ፣ አስነገረ፣ ተነገረ፣ ተነጋገረ፣ አነጋገረ። የዕብራይስጥ ሰዋስው ደግሞ ሰባት ይቆጥራል። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ዕብራይስጥ ሄሕሺቭ (ቁም ነገር ብሎ ቆጠረ) ሲል ከፊት ያለችው «ሄ» በግዕዝ አቅተለ ውስጥ ያለችው «አ» እኅት ናት። ሂትሐሼቭ (ከግምት አስገባ፣ አሰበለት) ሲል ደግሞ በውስጡ ያለችው «ት» የእኛው «ተ» ናት።

የፊደላቱም ዝምድና ሥርዐት አለው። ዕብራይስጥ «ሽ» ባለበት ብዙ ጊዜ ዐረብኛም ግዕዝም «ስ» ይላሉ። ሻሎም በሁለቱም ሰላም ነው። ሼም በዐረብኛ ኢስም፣ በግዕዝ ስም ነው። ላሾን በዐረብኛ ሊሳን፣ በግዕዝ ልሳን ነው። ኔፌሽ ነፍስ ነው። ሐሻቭም ሐሰበ ነው። አንድ ሁለት ቃል ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ወይም ውሰት ነው ይባል ነበር። በዕለት ተዕለት ቃላት ላይ ይህን ያህል ተደጋግሞ ሲገኝ ግን ቃሎቹ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ «ሻሎም ከግዕዝ ተወሰደ» የሚለውም፣ «ሰላም ከዐረብኛ ተወሰደ» የሚለውም አያስኬድም። እኅትማማቾች ከእናታቸው ወረሱ እንጂ አንዷ ከሌላዋ አልወሰደችም።

አንዳንዴ ደግሞ ከእኅትማማቾቹ አንዷ የጠፋባትን ሌላዋ አስቀምጣው ትገኛለች። ዕብራይስጥ ማልአኽ አለው፤ መልአክ፣ መልእክተኛ ማለት ነው። ቅርጹን ስናየው ከ ል-አ-ክ እንደወጣ ግልጽ ነው። ግሱ ግን በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የትም አይገኝም። ግዕዝ ጋ ስንመጣ ለአከ አለ፤ ላከ ማለት ነው። መልአክ፣ መልእክት፣ ልኡክ ሁሉም ከእሱ ናቸው። አማርኛ «ደብዳቤ ላክሁ» ሲል፣ ዕብራይስጥ ከረሳው ግስ ጋር በየቀኑ እየሠራ ነው።

አማርኛ፦ ሐ የት ገባች?

ዕብራይስጥ ሐሻቭ፣ ግዕዝ ሐሰበ ሲሉ አማርኛ አሰበ ይላል። የመጀመሪያዋ የሥር ፊደል በድምፅ ጠፍታለች። አማርኛ ከጉሮሮ የሚወጡትን ድምፆች በግስ ውስጥ አልያዛቸውም። ሐረሰ አረሰ ሆነ፤ ኀለፈ አለፈ፤ ዐረገ አረገ። ከመጨረሻም እንዲሁ ሰምዐ ሰማ፣ በልዐ በላ፣ መጽአ መጣ ሆኑ። ከመሀልም ለአከ ላከ፣ ጸሐፈ ጻፈ ሆነ።

ታዲያ አሰበ፣ ሰማ፣ ላከ ባለ ሁለት ፊደል ሥር ሆኑ ማለት ነው? ላይ ላዩን ሲታይ አዎ። ነገር ግን የጠፋችው ፊደል ስትሄድ «አ» የሚል ድምፅ ትታ ሄዳለች። ለዚህ ነው ይነግራል የሚለው አማርኛ፣ ይሰባል ሳይሆን ያስባል የሚለው። መንገር ብሎ መሰብ አይልም፤ ማሰብ ይላል። ሰበረ ሲል ሦስተኛው ፊደል ግዕዝ ነው፤ ሰማ ሲል ግን የመጨረሻው ራብዕ ነው። ያቺ ራብዕ የዐይኑ «ዐ» ማረፊያ ናት።

ይበልጥ የሚያስደስት ማስረጃ አለ። አማርኛ «የአደራረግ ስም» የሚባል ቅርጽ አለው። ከነገረ አነጋገር፣ ከለበሰ አለባበስ፣ ከመጣ አመጣጥ። ከአሰበ ግን «አሰሳሰብ» የሚል ማንም የለም፤ አስተሳሰብ ነው። ከአረሰ አስተራረስ፣ ከአደገ አስተዳደግ ነው። ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረንም፤ ግን አንሳሳትም። ተናጋሪው ሳያውቀው «ይህ ግስ መጀመሪያው ላይ ክፍት ቦታ አለው» ብሎ በሌላ መንገድ ይሞላዋል። ፊደሏ ከአፍ ጠፍታ ከሰዋስው አልጠፋችም ማለት ነው።

የመጥበቅና የመላላትም ነገር አለ፤ ጽሕፈታችን ስለማያሳየው ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ማሰብና ማለፍ በጽሑፍ አንድ ዓይነት ናቸው። ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ግን በማሰብ «ሰ» ይጠብቃል፤ በማለፍ «ለ» ይላላል። በሌላ በኩል ግዕዝና አማርኛ በዚህ ጉዳይ ተገለባብጠዋል። ግዕዝ ነገረ ሲል «ገ» ይላላል፤ ይነግር ሲል ይጠብቃል። አማርኛ ነገረ ሲል ያጠብቃል፤ ይነግራል ሲል ያላላል። ፊደሉ አንድ፣ ሥሩ አንድ፣ ቅርጹ ግን ተገልብጧል። ግዕዝ የሚጀምር አማርኛ ተናጋሪ ንባቡ ላይ የሚደናቀፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አማርኛ ከዕብራይስጥም ከግዕዝም የሚለይበት ሌላ ጠባይም አለው። የመጨረሻዋን የሥር ፊደል ያለሰልሳል። ከከፈተ ከፋች፣ መክፈቻ፤ ከቆረጠ ቆራጭ፣ መቁረጫ፤ ከወሰደ ወሳጅ፣ መውሰጃ። «ል» ደግሞ ጭራሽ «ይ» ይሆናል፤ ከከፈለ ከፋይ፣ መክፈያ። የግዕዙ ሣልስ «ኢ» ፊደሏን አለስልሶ ራሱ ውስጧ ቀልጧል። መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ የውጭ ሰው ከፋይን በ«ከ-ፈ-የ» ቢፈልግ አያገኘውም።

ውሰት ወይስ ዝምድና? እንዴት ይታወቃል?

አሁን ወደ ሒሳብ እንመለስ። ሥሩ የጋራ ስለሆነ «ሒሳብ ዐረብኛ ነው» የሚለውን የሚቃወሙ ሰዎች «ሐሰበ እኮ ግዕዝ ነው!» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ሥሩ የእኛ መሆኑ ቃሉን የእኛ አያደርገውም። ቅርጹን ማየት ያስፈልጋል። ግዕዝ የቁጥሩን ጥበብ የሚጠራው ሐሳብ ብሎ ነው፤ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብ ምስክር ነው። «ሣልስ፣ ራብዕ፣ ሳድስ» የሚለው የሒሳብ ቅርጽ ግን የግዕዝ የተለመደ የስም ቅርጽ አይደለም፤ በዐረብኛ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ሒሳብ በንግድ በኩል ከዐረብኛ የገባ ነው ቢባል ያስኬዳል። የዘመድ ቤት ቃል ነው፤ ግን በውሰት የመጣ ነው።

ሁለተኛው መለያ «ሀ» ብሎ የሚሰማው ድምፅ ነው። አማርኛ በራሱ መንገድ የወረሰው ግስ ያንን ድምፅ ጥሎታል ብለናል። ታዲያ ሐሳብ ስንል ለምን ይሰማል? አሰበ እያልን ሐሳብ፣ አዘነ እያልን ሐዘን፣ ጻፈ እያልን መጽሐፍ እንላለን። ግሱ ከአፍ ወደ አፍ የወረስነው ነው። ስሙ ግን ከግዕዝ ንባብ፣ ከቤተ ክህነትና ከጽሕፈት በኩል ተመልሶ የገባ ነው። አላፊ አግዳሚ ሲባል ግስ የተከተለ አማርኛ ነው፤ ኃላፊ ጊዜ ሲባል ደግሞ የሰዋስው ሊቃውንት ቃል ነው። አንዱ ሥር በሁለት በር ገብቶ ሁለት መልክ ይዟል።

«ሀሳብ፣ ሐሳብ ወይስ አሳብ» የሚለው ጥያቄም እዚህ ይፈታል። ሐሳብ የሥሩን ፊደል ይጠብቃል። ሀሳብ ድምፁን ይጽፋል፤ በጋዜጣና በስልክ ጽሑፍ የተለመደው እሱ ነው። አሳብ ደግሞ ግሱን ተከትሎ የወጣ ነው፤ በቀድሞ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሦስቱም ምክንያት አላቸው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሦስቱን ማቀላቀል ግን ምክንያት የለውም።

የጥንቱ የቁጥር ትርጉም ከአማርኛው አሰበም ጨርሶ አልጠፋም። ነጋዴ ለነጋዴ «እንተሳሰብ» ቢለው ሒሳብ እንዝጋ ማለቱ ነው። ሽማግሌ ለተጣሉ ጎረቤታሞች «ተሳሰቡ» ቢል ደግሞ ሌላ ነገር ማለቱ ነው። ዕብራይስጥ በሁለት ቅርጽ የከፈለውን፣ አማርኛ በአንዱ ተሳሰበ ውስጥ ይዞታል።

ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር

ይህ ሁሉ የሚያርፈው የቆየ ክርክር ላይ ነው። ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ በአማርኛ የተለየ ድምፅ የላቸውም። አምስቱ ከነዘራቸው 35 ፊደላት ናቸው። ሕፃን ልጅ በከንቱ ለምን ይሸመድዳቸዋል? ይላሉ። ይጠበቁ የሚሉት ደግሞ ፊደሉ ከጠፋ ሥሩ ይጠፋል፣ ከግዕዝም ከእኅት ቋንቋዎችም እንቆረጣለን ብለው ይመልሳሉ።

ጠባቂዎቹ የሚያቀርቡት ምርጥ ምሳሌ ሳለ ነው። በግዕዝ አራት የተለያዩ ግሶች አሉ። ሠዐለ ሥዕል ሳለ ነው። ሰዐለ የጉንፋኑ ሳለ ነው። ሰሐለ ቢላ ሳለ ነው። ሰአለ ለመነ ነው፤ ዕብራይስጡ ሻአል የሚለው የዚህ ዘመድ ነው፤ ለታቦት ተሳለ የምንለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የጉሮሮው ፊደል ሲወድቅ አራቱም አንድ ላይ ተደራረቡ። ዛሬ የቢላው አፍም ስለት ነው፤ ለታቦት የሚገባውም ስለት ነው።

ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን በጥንቃቄ ከታየ የጠባቂዎቹን ክርክር በከፊል ያዳክመዋል። ምክንያቱም የጠፋው ፊደል በአማርኛው ግስ ውስጥ አስቀድሞም አይጻፍም። ማንም ሰው ሳለን በሐ ወይም በዐ አይጽፍም። ፊደሉ የሚጠቅመን ከግዕዝ በገቡት ስሞች ላይ ብቻ ነው፤ ሥዕል፣ መጽሐፍ፣ ምሕረት፣ ልኡክ በሚሉት። በዚያ ላይ ጥንታውያን የግዕዝ ብራናዎች ራሳቸው ሰን ከሠ፣ ሐን ከኀ ያቀላቅላሉ። ስለዚህ «አባቶች እንዲህ ጻፉ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሥሩን በዘመድ ቋንቋ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል የዕብራይስጥ ተሞክሮ ቀናሾቹን ይፈትናል። አብዛኛው እስራኤላዊ ዛሬ አሌፍን ከዐይን፣ ሔትን ከሚለሰልሰው ካፍ በድምፅ አይለይም። ልጆቹ ልክ እንደኛ ይሳሳታሉ። ጽሕፈቱ ግን አልተቀነሰም። ዕብራይስጥ አናባቢን አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም፤ አንባቢው ቃሉን የሚያውቀው በሥሩ ነው። ሥሩ ከተበላሸ ንባቡ ይበላሻል። አማርኛ ግን አናባቢውን በፊደሉ ውስጥ ይዞ ስለሚጽፍ በሥሩ ላይ ያን ያህል አይደገፍም። እነሱ ያልቀነሱበት ምክንያት ሙሉ በሙሉ የእኛ ምክንያት አይሆንም።

ጉዳዩን ሁለት ቦታ ከፍሎ ማየት የሚሻል ይመስለኛል። ለግዕዝ መቀነስ የሚታሰብ አይደለም። መሀረ አስተማረ ነው፤ መሐረ ይቅር አለ ነው፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ ጸሎቱ ሌላ ይሆናል። ለአማርኛ ግን ድምፁን ተከትሎ መጻፍ ስሕተት ሳይሆን ምርጫ ነው፤ ዋጋ እንዳለው እስከታወቀ ድረስ። ዋጋው የሚከፈለው መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ፣ አዲስ ቃል ሲወጣና የግዕዝ ጽሑፍ ሲነበብ ነው። ምሁርን በሀ፣ ምሕረትን በሐ የሚጽፍ ሰው ሁለቱ ከተለያየ ሥር መምጣታቸውን ያያል። ሁለቱንም በሀ የሚጽፍ ሰው ግን አማርኛው ግስ ቀድሞ የገባበት ችግር ውስጥ ይገባል፤ «እስረኛው ተማረ» የሚል ርዕስ ሲያነብ፣ ሰውዬው ዲፕሎማ ያዘ ወይስ ተፈታ የሚለውን ለማወቅ ዜናውን እስከ መጨረሻ ማንበብ ግድ ይለዋል።